እቤት ውስጥ የሚታይ፣ ከውጭ የማይታይ ካሜራ፦ የአንድ ግቢ የጉዳይ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሰሚት አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ሁለት የአይፒ ካሜራዎች ተተክለዋል። አንዱ የውጭውን በር ያያል፤ ሌላው ከኋላ ሰርቪስ ቤቱንና የውሃ ታንከሩን። ግቢው ውስጥ የሚኖሩት እናትና አብሯቸው ያለ የእህታቸው ልጅ ናቸው። ካሜራውን ያስገጠመችው ደግሞ ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጃቸው ናት፤ ዓላማዋም አንድ ነበር፦ እዚያ ሆና በስልኳ ማየት።

ቴክኒሻኑ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሁለቱም ካሜራዎች እቤት ባለው ስልክ ላይ ጥርት ብለው ይታዩ ነበር። ልጅቷ ስልክ ላይ ግን ክቧ ትዞርና «ዲቫይሱ አይገኝም» ብላ ትቆማለች። ቴክኒሻኑ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ራውተሩ ላይ ፖርት፣ ማለትም ከውጭ ወደ ካሜራው የሚያስገባ በር፣ ከፍቷል፤ ለውጥ የለም። «ኔትዎርኩ ነው» ተባለ። ኔትዎርኩ ግን ጤነኛ ነበር፤ እናትየው በዚያው መስመር ከልጃቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ።

ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ስለነበር አንዱን ብቻ ያስተካከለ ሰው ምንም ያልሠራ ይመስለዋል። ጉዳዩ እዚህ የተጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

እቤቱ ውስጥ የነበረው

ሁለቱም ካሜራዎች ባለ 4 ሜጋፒክሰል ሂክቪዥን ናቸው። እያንዳንዳቸው ውስጥ 128 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ ካርድ አለ፤ ኤንቪአር የሚባለው ለብቻው የሚቀመጥ መቅጃ የለም። ካት 6 ኬብል ከካሜራዎቹ ወደ አንድ ትንሽ ፒኦኢ ስዊች ይመጣል፤ ስዊቹ በዚያው ኬብል መብራቱንም ይሰጣቸዋል። ስዊቹ ከፋይበር ራውተሩ ጋር በሌላ አጭር ኬብል ተያይዟል።

ራውተሩ እቤት ውስጥ የሚጠራበት አድራሻ `192.168.100.1` ነው። ቴክኒሻኑ ለካሜራዎቹ የማይለዋወጥ አድራሻ ሰጥቷቸዋል፤ የበሩ ካሜራ `192.168.100.64`፣ የኋላው `192.168.100.65`። ይህ ትክክል ነው። ካሜራ አድራሻው በየጊዜው ከተቀያየረ ነገ የት እንዳለ አይታወቅም።

ራውተሩ ላይ ደግሞ ለበሩ ካሜራ 80፣ 554 እና 8000 ቁጥር ፖርቶችን ከፍቶ ነበር። 80 የካሜራው ድረ ገጽ የሚከፈትበት ነው፣ 554 ቪዲዮው አርቲኤስፒ በሚባለው የቪዲዮ ማስተላለፊያ ዘዴ የሚወጣበት፣ 8000 ደግሞ የሂክቪዥን አፖች የሚነጋገሩበት። ከዚያ «የኔ አይፒ ስንት ነው» የሚል ድረ ገጽ ከፍቶ ያገኘውን ቁጥር ለልጅቷ ላከላት፤ አፑ ላይ እንድታስገባው። ወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም ልክ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ፦ ሁለት ቁጥር ማመሳከር

ፖርት መክፈት የሚሠራው ራውተሩ ራሱ ከዓለም ጋር የሚገናኝበት የራሱ አድራሻ ሲኖረው ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ፖርት ከመንካት በፊትም መደረግ ያለበት ይኸው ነው። የራውተሩን ገጽ ከፍቶ `Status` ከሚለው ሥር `WAN` የሚለውን ማየት፣ እዚያ የተጻፈውን አይፒ መመዝገብ፣ ቀጥሎ በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክ «የኔ አይፒ» የሚል ድረ ገጽ ከፍቶ ከውጭ የሚታየውን ቁጥር መመዝገብ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ፖርት መክፈት ይቻላል። ከተለያዩ አይቻልም፤ ራውተሩ ላይ የፈለጉትን ያህል ፖርት ቢከፍቱ ዋጋ የለውም።

እዚህ ቤት ራውተሩ ላይ የተገኘው ቁጥር በ100.72 የሚጀምር ነበር፤ ድረ ገጹ ላይ የታየው ግን ፈጽሞ ሌላ። ከ`100.64.0.0` እስከ `100.127.255.255` ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተለየ ነው። የኢንተርኔት አቅራቢዎች የአይፒ ቁጥር ስለሚያጥራቸው ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋሉ። በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ወይም በ192.168 የሚጀምር የ`WAN` ቁጥርም የሚናገረው ያንኑ ነው፦ ከራውተርዎ በላይ ሌላ ራውተር አለ።

ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃን ማሰብ ነገሩን ያቀልለዋል። ሕንፃው አንድ ዋና በር፣ አንድ ጥበቃ አለው። ቴክኒሻኑ የከፈተው የአፓርታማውን በር ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን ታች ዋናው በር ላይ ይቆማል፤ ጥበቃው ደግሞ ወደየትኛው ቤት እንደሚልከው የተነገረው ነገር የለም። ያ ዋና በር በአቅራቢው እጅ እንጂ በደንበኛው እጅ አይደለም። ብዙ አቅራቢዎች ቋሚ የውጭ አይፒ በክፍያ ይሰጣሉ፤ ለሁለት ካሜራ ተብሎ ግን ወርሃዊ ክፍያ መጨመር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። አድራሻው የራስ ቢሆን እንኳ የካሜራ ፖርት ለዓለም መክፈት መጥፎ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ በወጡበት ፓስወርድ የቀሩ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን እየለቀመ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለማፈን ተጠቅሞባቸዋል። ፓስወርድ መቀየርም ብቻውን መከላከያ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነውና `CVE-2021-36260` የተባለው የሂክቪዥን ክፍተት የካሜራው ድረ ገጽ ድረስ መድረስ የቻለ ሰው ያለ ፓስወርድ ትእዛዝ እንዲሰጠው የሚያስችል ነበር። ኩባንያው ማስተካከያ ፈርምዌር፣ ማለትም የታደሰ የካሜራ የውስጥ ፕሮግራም፣ አውጥቷል፤ ነገር ግን ፖርት 80ን ከፍቶ ፈርምዌሩን ያላደሰ ሰው ያ ክፍተት ዛሬም ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተደረገው ነገር ማስተካከል ሳይሆን መዝጋት ነበር፦ ሦስቱም የፖርት መስመሮች ተሰረዙ፣ ራውተሩ ላይ `UPnP` ጠፋ፣ ካሜራዎቹ ላይም እንዲሁ። `UPnP` ካልጠፋ ካሜራው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ራውተሩን አስከፍቶ ሊገባ ይችላል።

ካሜራው ራሱ ይደውል

ከውጭ መግባት ካልተቻለ የቀረው መንገድ ካሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ፒቱፒ የሚባለው ይኸው ነው። ካሜራው ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ወደ አምራቹ ሰርቨር ራሱ ይደውልና መስመሩን ክፍት አድርጎ ይይዛል። ስልኩም ወደዚያው ሰርቨር ይደውላል። ሰርቨሩ ሁለቱን ያስተዋውቃቸዋል፤ ከተቻለ ቀጥታ ይያያዛሉ፤ ካልተቻለ ቪዲዮው በሰርቨሩ በኩል ያልፋል። ጥበቃው የሚያስቆመው የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን ስላልሆነ ከበላይ ስንት ራውተር ቢደራረብ ችግር የለውም። ለአብዛኛው ቤት ይህ ይበቃል።

በሂክቪዥን አሠራሩ ይህ ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ ብራውዘር `192.168.100.64` ተከፍቶ `Configuration`፣ `Network`፣ `Advanced Settings`፣ ከዚያ `Platform Access` ይገባል። `Enable` ይመረጣል፣ የአምራቹ አገልግሎት `Hik-Connect` መሆኑ ይታያል፣ የማረጋገጫ ኮድ ይሞላል። ይህ ኮድ ከካሜራው ፓስወርድ የተለየ መሆን አለበት፤ ቪዲዮው የሚመሰጠረው በእሱ ነውና። ከተቀመጠ በኋላ ከታች `Register Status` የሚል መስመር አለ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ `Online` ማለት አለበት።

እዚህ ቤት አላለም። `Offline` እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው ችግር የተገለጠው እዚህ ላይ ነው።

የተረሳው አንድ መስመር

ካሜራው ኢንተርኔት ማግኘቱን ለማወቅ ገጹ ላይ አመቺ መሞከሪያ አለ፤ ብዙ ሰው ግን ለሰዓት ማስተካከያ ብቻ የተቀመጠ ስለሚመስለው አይነካውም። `Configuration`፣ `System`፣ `System Settings`፣ `Time Settings` ውስጥ `NTP` መርጦ `pool.ntp.org` ይጻፍና `Test` ይጫናል። ከተሳካ ካሜራው የሰርቨርን ስም ወደ አይፒ ቁጥር መፍታትም፣ ወደ ውጭ መውጣትም ችሏል ማለት ነው። ካልተሳካ የሚፈለገው ነገር ካሜራው ላይ ያለ የኔትዎርክ ቅንብር ነው፤ አፑን ደጋግሞ መጫንና ማጥፋት ጊዜ ማባከን ነው።

እዚህ አልተሳካም። `Network`፣ `Basic Settings`፣ `TCP/IP` ሲከፈት የሚከተለው ተገኘ፦

```
IPv4 Address:          192.168.100.64
IPv4 Subnet Mask:      255.255.255.0
IPv4 Default Gateway:  192.168.1.1
Preferred DNS Server:  8.8.8.8
```

ስሕተቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ `Default Gateway` ማለት ካሜራው ከግቢ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት መውጫ ነው። ካሜራዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ አድራሻቸው `192.168.1.64` ነው፤ ከነበሩበት ወደ 192.168.100 ሲዛወሩ አድራሻቸው ተቀየረ፣ መውጫቸው ግን በአሮጌው ቀረ። `192.168.1.1` የሚባል ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ የለም።

ታዲያ እቤት ውስጥ እንዴት ይታይ ነበር? አንድ ኔትዎርክ ላይ ያሉ ሁለት እቃዎች ለመነጋገር መውጫ አያስፈልጋቸውም። ስልኩና ካሜራው አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆኑ በቀጥታ ይጠራራሉ። መውጫው የሚያስፈልገው ከግቢ ሲወጡ ነው። ለዚህ ነው ይህ ስሕተት ቴክኒሻኑ እቤት ቆሞ ሲሞክር በፍጹም የማይታየው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ስሕተት ፖርት መክፈቱንም ሊያከሽፈው ይችል የነበረ መሆኑ ነው። አድራሻው የራስ ቢሆንና ጥያቄው ከቨርጂኒያ ካሜራው ድረስ ቢደርስ እንኳ፣ ካሜራው መልሱን የሚልክበት መንገድ አልነበረውም።

መስመሩ `192.168.100.1` ተብሎ ተስተካከለ፤ ስም የሚፈታው ሁለተኛው ዲኤንኤስም `1.1.1.1` ተደረገ፤ የመጀመሪያው ቢያቅተው እንዲተካው። `Test` ተጫነ፤ ተሳካ። `Platform Access` ላይ ሁኔታው ከአንድ ደቂቃ በኋላ `Online` ሆነ። የኋላው ካሜራም ያው ስሕተት ነበረበት፤ በአንድ እጅ የተሠራ ነውና።

በማን ስም

አፑ ላይ ካሜራ የሚጨመረው ጀርባው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በመቅረጽ ነው። እዚህ የበሩ ካሜራ ተቀረጸና «ይህ ዲቫይስ በሌላ አካውንት ተመዝግቧል» የሚል መልስ መጣ። አንድ ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚመዘገበው በአንድ አካውንት ነው፤ ሌሎች የሚያዩት ባለ አካውንቱ ሲያጋራቸው ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ በቅን ልቦና፣ ሥራውን ሊሞክር፣ አድራሻው ከመቀየሩ በፊት በራሱ ስልክ መዝግቦት ነበር። ተደውሎለት ከራሱ አፕ ላይ ሰረዘው፤ ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀልም። ቴክኒሻኑ ስልክ ቀይሮ፣ ቁጥሩ ጠፍቶ ወይም ተጣልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማስለቀቁ ደብዳቤና ማስረጃ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ካሜራው በሰው አካውንት እያለ ያ ሰው ግቢውን ያያል። ስለዚህ አካውንቱ ቴክኒሻኑ ከመምጣቱ በፊት በባለቤቱ ኢሜይል ተከፍቶ ይጠብቅ፤ ኪውአሩን የሚቀርጸውም የባለቤቱ ስልክ ይሁን። እዚህ ቤት አካውንቱ የልጅቷ ሆነ፤ ለእናቷና ለአክስቷ ልጅ ቀጥታ ማየትና ወደኋላ መመልከት ብቻ ፈቅዳ አጋራቻቸው።

ሙከራው የተደረገው እቤት ባለው ስልክ ነው፤ ግን ዋይፋዩ ጠፍቶ። «እማዬ፣ ዋይፋዩን አጥፊውና በዳታ ክፈቺው» አለቻቸው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስልኩ ዋይፋይ ላይ እያለ አፑ ካሜራውን እዚያው ግቢ ውስጥ ያገኘዋል፤ ስለ ውጭው መንገድ ምንም አይናገርም። ከውጭ የሚታይ መሆኑን የሚመሰክረው በሞባይል ዳታ ሲከፈት ነው።

ታየ፣ ግን ይቆራረጣል

ቨርጂኒያ ላይ ምስሉ መጣ። በየአራት አምስት ሰከንዱ ግን ይደርቃል። ሁለቱን ካሜራ አንድ ላይ ስትከፍት ጭራሽ ይቆማል።

የዚህ ምክንያት የእሷ ኢንተርኔት አይደለም። ካሜራው ላኪ ነው፤ ስለዚህ የሚወስነው የእናቷ ቤት አፕሎድ ነው። እቤት ሲለካ ዳውንሎዱ ወደ 10 ሜጋቢት፣ አፕሎዱ ግን 3 ሜጋቢት ገደማ ነበር። ካሜራዎቹ ደግሞ ዋናውን ቪዲዮ በ`H.264` አጨማመቅ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ እስከ 6144 ኪሎቢት ድረስ እንዲያወጡ ተደርገው ነበር። የአንዱ ብቻ ካለው አፕሎድ እጥፍ ነው።

እያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ያዘጋጃል። `Main Stream` የሚባለው ጥርት ያለው ነው፤ ካርዱ ላይ የሚቀዳው እሱ ነው። `Sub Stream` ደግሞ አነስ ያለ፣ ለስልክ የሚሆን። ቀጥታ ለማየት ትንሹ፣ የሆነ ነገር ሲፈጠር ወደኋላ ተመልሶ ለማየት ትልቁ። `Video/Audio` ውስጥ የተደረገው ማስተካከያ ይህ ነው። ዋናው `H.265`፣ በሰከንድ 15 ፍሬም፣ `Variable`፣ ከ2048 ኪሎቢት እንዳይበልጥ። ትንሹ 640 በ360፣ በሰከንድ 10 ፍሬም፣ ከ512 ኪሎቢት እንዳይበልጥ። ሁለቱም ካሜራ ትንሹን አንድ ላይ ሲልኩ 1 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ከ3ቱ ውስጥ እናትየው ለቪዲዮ ጥሪያቸው የሚተርፍ አለ። ወደኋላ ማየት ዋናውን ስለሚጎትት ግን አንዱን ካሜራ ብቻ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ባንድ ላይ መስመሩ አይችለውም።

አፑ ላይ ደግሞ ጥራቱ `HD` ላይ ከሆነ ቀጥታም ዋናውን ይጠራል። ልጅቷ ስልክ ላይ እንዲያ ነበር፤ ወደ ዝቅተኛው ተቀየረና መድረቁ ቆመ።

አንድ ቀሪ ቅሬታ ነበር፦ ከተከፈተ በኋላ ምስል እስኪመጣ ከሦስት ሰከንድ በላይ ይወስዳል። እዚህ ላይ የሚታየው `I Frame Interval` የሚባለው ቁጥር ነው። ቪዲዮ ሙሉ ምስል ሁልጊዜ አይልክም፤ አንዴ ሙሉውን ይልክና ከዚያ የተቀየረውን ብቻ ይልካል። አዲስ የከፈተ ሰው ቀጣዩ ሙሉ ምስል እስኪመጣ ይጠብቃል። ቁጥሩ 50 ላይ ነበር፤ ፍሬሙ በሰከንድ 10 ሲሆን ይህ እስከ 5 ሰከንድ መጠበቅ ነው። ወደ 20 ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ መጠበቁ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ፍሬሙን ቀንሶ ይህን ቁጥር ሳይነኩ መተው የተለመደ ስሕተት ነው።

ለዳታ የሚያስቡ ሰዎች ሒሳቡ ይህ ነው፦ 512 ኪሎቢት ለአንድ ሰዓት ሲታይ ወደ 230 ሜጋባይት ይበላል፤ 2048 ኪሎቢት ደግሞ 920 ገደማ። ማንም ሳያይ ሲቀር ግን ቪዲዮ ከግቢ አይወጣም፤ ካሜራው መኖሩን ለሰርቨሩ የሚያሳውቅበት ጥቂት ዳታ ብቻ ነው የሚሄደው። ካርዱን በተመለከተ፣ በ2048 ኪሎቢት ቀኑን ሙሉ ሲቀዳ ወደ 22 ጊጋባይት ስለሚሞላ 128ቱ አምስት ቀን አካባቢ ይይዛል፤ ከዚያ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል።

ስምንት ሰዓት የቱ ነው?

በሦስተኛው ቀን እናትየው ደወሉ። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሻው ሲጮህ ነበር፣ እስቲ እይልኝ።» ልጅቷ ወደኋላ ተመልሳ 08:00 ላይ ብትፈልግ ጨለማና ጸጥ ያለ ግቢ ብቻ አየች። ሌሊት ስምንት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 02:00 ነው፤ ስድስት መቀነስ ነበረባት። ያም ብቻ አይደለም፤ ካሜራው የፋብሪካው የቻይና ሰዓት ላይ፣ ጂኤምቲ ሲደመር 8 ላይ ስለነበር ተጨማሪ አምስት ሰዓት ወደፊት ሄዷል። በዚያ ካሜራ ላይ ውሻው የጮኸው 07:00 ላይ ተጽፏል። `Time Zone` ወደ `GMT+03:00` ተቀየረ፣ `NTP` በየ1440 ደቂቃው እንዲያስተካክል ተደረገ፣ `DST` ጠፋ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዓት የሚቀያየርበት ወቅት የለም፤ ቨርጂኒያ ግን አለ፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት ሰዓት ነው።

ሰርቨሩን የማይፈልግ ሰው

ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ግቢዋ በሌላ አገር ሰርቨር በኩል መታየቱን አልወደደችውም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ የሚሆነው የራስን የተመሰጠረ መስመር መዘርጋት ነው፤ እቤት አንድ ሁልጊዜ የሚበራ ትንሽ ኮምፒውተር ይቀመጥና ስልኩ በእሱ በኩል ወደ ግቢው ኔትዎርክ ይገባል። ቤቱ የራሱ የውጭ አይፒ ስለሌለው ተራ ቪፒኤን እቤት መትከል ያንኑ የሕንፃ በር ችግር ይገጥመዋል። ቴይልስኬል የተባለው የቪፒኤን አገልግሎት ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚደውል ይሠራል። ለዚህ በተቀመጠው ትንሽ ኮምፒውተር፣ በራስፕበሪ ፓይ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦

```
curl -fsSL https://tailscale.com/install.sh | sh
echo 'net.ipv4.ip_forward = 1' | sudo tee /etc/sysctl.d/99-tailscale.conf
sudo sysctl -p /etc/sysctl.d/99-tailscale.conf
sudo tailscale up --advertise-routes=192.168.100.0/24
```

የመጨረሻው ትእዛዝ የሚያሳየውን ሊንክ ከፍቶ በአካውንት ከገቡ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል፤ ሁለቱም ቴይልስኬል ድረ ገጽ ላይ ነው የሚደረጉት። የግቢውን መስመር ማጽደቅ፤ ይህ ካልተደረገ ስልኩ ፓዩን ያገኛል፣ ካሜራውን ግን አያገኝም። ሁለተኛው የፓዩን `Key expiry` ማጥፋት ነው። ካልጠፋ ከ180 ቀን በኋላ መስመሩ በድንገት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እቤት ኪቦርድ ሰክቶ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያ ስልኩ ላይ ቴይልስኬልን አብርቶ ካሜራውን ግቢ ውስጥ እንዳሉ ያህል በ`192.168.100.64` መክፈት ነው። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ቀጥታ ለማየት አድራሻው እንዲህ ነው፤ 102 ትንሹን ቪዲዮ፣ 101 ዋናውን ያመጣል፦

```
rtsp://viewer:PASSWORD@192.168.100.64:554/Streaming/Channels/102
```

`viewer` ካሜራው ላይ ለማየት ብቻ የተፈጠረ ተጠቃሚ ነው፤ የ`admin` ፓስወርድ ስልክ ላይ አይቀመጥም። ይህ ሲሠራ `Platform Access` ተዘጋ። ከዚያ ጋር የሰው እንቅስቃሴ ሲኖር ስልክ ላይ የሚመጣው ማሳወቂያም አብሮ ቀረ፤ እሱን የሚልከው ያ ሰርቨር ነበርና። ልጅቷ ይህን አውቃ መርጣለች፤ ማሳወቂያው የሚያስፈልገው ሰው ግን ፒቱፒው ላይ ቢቆይ ይሻለዋል።

የግቢው ኔትዎርክ 192.168.100 መሆኑ እዚህ ጠቅሟል። 192.168.1 ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ያለችበት ቤት ዋይፋይም ያው ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ `192.168.1.64` ሲባል ቨርጂኒያ ውስጥ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። ምልክቱ በቀላሉ ይለያል፦ በሞባይል ዳታ ይከፈታል፣ በቤት ዋይፋይ ግን አይከፈትም። መፍትሔው የአዲስ አበባውን ግቢ ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት ቁጥር ማዛወር ነው፤ ሲዛወር ደግሞ የካሜራዎቹን መውጫ አለመርሳት።

መብራት ሲጠፋ

ራውተሩ፣ ስዊቹ፣ ፓዩና ሁለቱ ካሜራዎች አንድ ላይ ወደ 30 ዋት ይወስዳሉ፤ ማታ የካሜራዎቹ ኢንፍራሬድ ሲበራ ትንሽ ይጨምራል። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ተራ ዩፒኤስ ይህን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይይዛል፤ ባትሪው አዲስ ከሆነ። ዩፒኤሱ የተሰካው ራውተሩ አጠገብ ነው፤ ለኮምፒውተር ብቻ የተገዛ ዩፒኤስ ላይ ካሜራውን ሰክቶ ራውተሩን ግድግዳ ላይ መተው ካሜራው እየቀዳ ከውጭ እንዳይታይ ያደርጋል።

መብራት ሳይጠፋ የፋይበሩ መስመር ብቻ ሲቋረጥ ልጅቷ ምንም አታይም፤ ካርዶቹ ግን ይቀዳሉ። መስመሩ ሲመለስ የተቋረጠበትን ሰዓት ወደኋላ ተመልሳ ማየት ትችላለች። ካሜራውን ሌባ ነቅሎ ከወሰደው ግን ካርዱም አብሮ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው የበሩ ካሜራ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል የተደረገው፣ የኋላው ካሜራ ደግሞ የበሩን ካሜራ ምሰሶ ጭምር እንዲያይ የተዞረው።

ፓስወርዶቹ፣ የማረጋገጫ ኮዱና የሁለቱ ካሜራዎች አድራሻ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው እናትየው ከቤቱ ካርታ ጋር በሚያስቀምጡበት ፖስታ ውስጥ ገብተዋል። ፓስወርድ ተጽፎበት ራውተሩ ላይ ተለጥፎ የነበረው ወረቀት ተቀዶ ተጥሏል።